ስልካችሁ ቢጠፋ ኮዱ ወዴት ይመጣል? የባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አመራረጥ

ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኬን ተመነተፍኩ። ዝናብ ነበር። ሰው ጃንጥላውን ዘርግቶ ይጋፋል። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ሒሳብ ልከፍል እጄን ኪሴ ስሰድ ስልኩ የለም።

ለስልኩ ብዙም አላዘንኩም፤ ያረጀ ነበር። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ጂሜይል፣ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ሁሉም የመግቢያ ኮዳቸውን የሚልኩት ወደዚያው ስልክ ነው። ኮዱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ስልኩ ያለው ሌባው ኪስ ውስጥ ነው። ያን ቀን እንዴት እንደወጣሁበት በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ምርጫውን እንይ።

የባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሐሳቡ ቀላል ነው። ፓስወርዳችሁን ያወቀ ሰው ሁሉ ዘው ብሎ እንዳይገባ ሁለተኛ ነገር ይጠየቃል። ሁለተኛው ነገር ምን ይሁን የሚለው ላይ ግን ምርጫ አለ። ብዙ ሰው ሲመርጥ የሚያስበው ሌባውን ብቻ ነው። እኔ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ ስልኩ እጄ ላይ ባይኖርስ እኔ ራሴ በምን እገባለሁ? ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኳቸው በሁለቱም ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ኢሜይል፣ ከዚያ የመልእክት መተግበሪያ

ብዙዎቻችን ቀኑን ሙሉ የምንውለው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን መቆለፍ ያምረናል። እኔ ግን ከኢሜይል ጀምሩ እላለሁ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ የመጠባበቂያ ኮድ ዝርዝር አይሰጡም። ያስቀመጣችሁት ፓስወርድ ወይም ፒን ቢጠፋባችሁ የሚመልሷችሁ በኢሜይል ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ ከተያዘ ሌሎቹም ተከትለው ሊሄዱ ይችላሉ።

ምንም ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። myaccount.google.com ላይ ግቡና Security የሚለውን ክፈቱ። Recovery phone እና Recovery email በሚሉት ስር የተጻፈው የማን እንደሆነ እዩ። እኛ አገር ብዙ ሰው የመጀመሪያ ጂሜይሉን የከፈተለት ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው። ልጁ ቸኩሎ የራሱን ቁጥር አስገብቶ፣ ፓስወርዱን ሳይነግር፣ "ጨርሰናል" ብሎ ያስረክባል። ሌላው ደግሞ ዋሽንግተን ያለ ያጎት ልጅ ከርቀት የከፈተለት ነው። ያ ሰው አዲስ አበባ ጠዋት ሥራ ገብቶ ኮድ ሲጠይቅ፣ ኮዱ እኩለ ሌሊት ላይ ያጎቱን ልጅ ይቀሰቅሳል። የራሳችሁ ያልሆነ ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ማረጋገጫውን ማብራት ከዚያ በኋላ ነው።

ለጂሜይል የትኛው ይሻላል?

እዚያው Security ውስጥ 2-Step Verification የሚል አለ። ሲከፈት በርካታ መንገዶች ይዘረዘራሉ።

ሁሉም የሚያውቀው የጽሑፍ መልእክት ነው። G- ብሎ የሚጀምር ባለ 6 አሃዝ ኮድ ይመጣል። ዳታ አይፈልግም፣ የቁልፍ ስልክም ይበቃዋል። ለእናቴ የመረጥኩት ይህንኑ ነው፤ ከምንም ይሻላል። ድክመቱ ኮዱ ከሲም ካርዱ ጋር መታሰሩ ነው። አንድ ሰው በእናንተ ስም ምትክ ሲም ካወጣ ኮዱ ወደ እሱ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀማችሁበት ቁጥርም ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል።

ከሌባም ይልቅ ሰው የሚቸገረው ግን አገር ሲለቅ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዱባይ ስትሄድ ሲሟን ለእናቷ ትታላቸው ሄደች። እዚያ አዲስ ስልክ ገዝታ ጂሜይሏን ልትከፍት ስትል ኮዱ የመጣው እናቷ የቁልፍ ስልክ ላይ ነው። እሳቸው መነጽራቸውን እስኪፈልጉ፣ መልእክቱን ከማስታወቂያ መልእክቶች መሃል እስኪያገኙ፣ ኮዱ ጊዜው አለፈ። ሦስተኛው ላይ ተሳካላቸው። ከአገር ልትወጡ ከሆነ ሲሙን ከመንቀላችሁ በፊት ሌላ መንገድ ጨምሩ። ከሄዳችሁ በኋላ ከባድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ስልካችሁ ላይ ብቅ የሚለው ጥያቄ ነው። ሌላ ቦታ ልትገቡ ስትሉ ስልኩ "አንተ ነህ?" ይላል፤ Yes, it's me የሚለውን መንካት ነው። ይመቻል። ግን ዳታ ይፈልጋል። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላችሁ ስልካችሁ ፓኬጁ ካለቀ ጥያቄው አይመጣም። ሌላው ችግር የእጅ ልማድ ነው፤ ሰው ሳያነብ Yes ይላል። እናንተ የትም ሳትገቡ ጥያቄው ከመጣ ፓስወርዳችሁን የያዘ ሰው ሊኖር ይችላል። No ብላችሁ ፓስወርዱን በዚያው ሰዓት ቀይሩ።

ሦስተኛው ኦተንቲኬተር ነው፤ እኔ የማደላው ለእሱ ነው። መተግበሪያውን ታወርዳላችሁ፣ ጂሜይል የሚያሳያችሁን ኪውአር ኮድ ታነሳላችሁ። በዚያች ቅጽበት አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ስልካችሁ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ መተግበሪያው ያንን ቁልፍና ሰዓቱን አጣምሮ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ያወጣል። በሌላ በኩል ያለው ሰርቨርም ያንኑ ስሌት ይሠራል፤ ሁለቱ ከገጠሙ ትገባላችሁ። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ዳታ አይፈልግም፣ ሲም እንኳን አይፈልግም። ዱባይ ላይም ጎንደር ላይም ያው ነው።

ስሌቱ በሰዓት ስለሆነ ግን እኛን የሚነካ አንድ ጉዳይ አለ። ስልኩን በኢትዮጵያ ሰዓት የሚሞላ ሰው ብዙ ነው። ጠዋት 8 ሰዓት የሚለውን በእጁ ቀይሮ 2 ሰዓት ያደርገዋል። ለሰው ችግር የለውም። ለኦተንቲኬተር ግን ስልኩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የሚያወጣው ኮድ ሁሉ ስህተት ይሆናል። አንድ ባልደረባዬ በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን "ኮዱ ትክክል አይደለም" እየተባለ ሲታገል ነበር። መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና ሊጭነው ሲል ነው ሰዓቱን ያየሁት። ቢያጠፋው ኖሮ ቁልፉም አብሮ ሊጠፋ ይችል ነበር። መፍትሔው የስልኩን ሰዓት ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የምትፈልጉ ከሆነ ለብቻው የሚያሳይ መተግበሪያ አውርዱ።

ሌላው ጉድለቱ ስልኩ ሲጠፋ ቁልፉም አብሮ መጥፋቱ ነው። ከ2023 ጀምሮ የጉግል ኦተንቲኬተር ቁልፎቹን ወደ ጉግል አካውንት መገልበጥ ይችላል። ለሌሎች አካውንቶች ጥሩ ነገር ነው። ለጂሜይሉ ለራሱ ግን አይረዳም። ጂሜይል ለመግባት ኮድ ትፈልጋላችሁ፣ ኮዱን ለማግኘት ጂሜይል መግባት አለባችሁ። የቤቱን ቁልፍ ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው።

አራተኛው በዩኤስቢ የሚሰካ የደህንነት ቁልፍ ነው። ከሁሉም ጠንካራው እሱ ነው፤ ከላይ ያሉትን ኮዶች በሙሉ ሰው ተታሎ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ሊያስገባቸው ይችላል፣ ቁልፉ ግን ሐሰተኛ ገጽ ላይ አይሠራም። በጣት አሻራ የሚከፈተው ፓስኪም በዚህ ረገድ እንደ እሱ ነው። ቁልፉን ከውጭ ማስመጣት ይጠይቃል፣ ሁለት መግዛትም ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲኖር። ጋዜጠኛ ከሆናችሁ ወይም የድርጅት ኢሜይል የምትይዙ ከሆነ ያዋጣል። ለሌላው ሰው ኦተንቲኬተርና አንድ ወረቀት ይበቃል።

ወረቀቷ የት ትቀመጥ?

ያ ወረቀት የመጠባበቂያ ኮዶቹ ናቸው። እዚያው 2-Step Verification ገጽ ላይ Backup codes የሚለውን ክፈቱ። 10 ኮዶች ይሰጣችኋል፣ እያንዳንዱ ባለ 8 አሃዝ። አንዱ ኮድ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። አዲስ ዝርዝር ካወጣችሁ የድሮው በሙሉ ይሞታል። ይህን የማያውቅ ሰው አዲሱን ያወጣና አሮጌውን ወረቀት አክብሮ ያስቀምጣል።

አሁን የት ይቀመጡ የሚለው ነው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በብዛት የማየው ስክሪንሾት ነው። ስክሪንሾቱ ያለው የሚጠፋው ስልክ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ለራስ በኢሜይል መላክ አለ፤ ቁልፉን ቤት ውስጥ የመቆለፍ ጉዳይ ነው። ቴሌግራም Saved Messages ላይ ማስቀመጥ ትንሽ ይሻላል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፍት ከሆነ ታገኙታላችሁ። ግን ቴሌግራማችሁ የተነጠቀ ቀን ሌባው ኮዶቹን ያለ ድካም አገኘ ማለት ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ማሳተምስ? እዚያ የሚደረገውን ታውቁታላችሁ። "በቴሌግራም ላኩልኝ" ይላል ልጁ። ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይወርዳል፣ ከሌላ ሰው ሲቪና ከሰርግ ካርድ ጋር ለወራት እዚያው ይቀመጣል። ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሰው ሁሉ የሚነካው ነው። 10 ኮድ በእጅ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በእስክሪብቶ ጻፉት። አራት አራት አሃዝ እየከፈላችሁ፣ 1 እና 7 እንዳይምታቱ ረጋ ብላችሁ።

ወረቀቷ ላይ የኢሜይል አድራሻ አትጻፉ፤ ፓስወርድማ ፈጽሞ። ኮዱ ያለ ፓስወርድ አይከፍትም። ስለዚህ ወረቀቷ ብቻዋን የወደቀች ዕለት ላገኛት ሰው ትርጉም የሌላት የቁጥር ዝርዝር ናት።

ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ። አንዱ ቤት፣ የልደት ሰርተፍኬትና የቤት ውል የሚቀመጥበት ፋይል ውስጥ። ያንን ፋይል ማንም አይጥለውም፤ ቤት ሲቀየር እንኳን መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ሌላ ቤት፣ እህት ወይም ወንድም ዘንድ። ቦርሳ ውስጥ ይዞ መዞርን አልወደውም፤ ቦርሳና ስልክ አብረው ነው የሚሄዱት። መንገድ የሚወጣ ሰው ግን አንድ ሁለት ኮድ ለይቶ ጽፎ ሻንጣው ውስጥ ቢያደርግ አልቃወምም።

ቴሌግራም እና ዋትስአፕ

ሁለቱም ሲገቡባቸው በስልክ ቁጥር የሚላክ ኮድ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ደረጃ ከዚያ ኮድ በላይ የሚጨመር ነው። ለዚህም ነው ሲማችሁን ሌላ ስልክ ላይ የሰካ ሌባ ኮዱን ቢያገኝም የማይገባው። አወቃቀራቸው ግን ይለያያል።

ቴሌግራም ላይ Settings፣ Privacy and Security፣ ከዚያ Two-Step Verification ነው። የሚጠይቃችሁ ሙሉ ፓስወርድ ነው፤ ፊደልም ቁጥርም ይቀበላል። ማስታወሻ ፍንጭም ያስጽፋል። ፍንጩን ማንም ሊገባ የሞከረ ሰው ስለሚያየው "የልጄ ስም" ብሎ መጻፍ በሩን ግማሽ መክፈት ነው። ቀጥሎ የመመለሻ ኢሜይል ይጠይቃል፤ መዝለል ይቻላል፣ አትዝለሉት። ኢሜይል ሳታስገቡ ፓስወርዱን ከረሳችሁና ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ክፍት ከሆነ፣ ከዚያ ሆናችሁ እንዲሰረዝ ጠይቃችሁ 7 ቀን ትጠብቃላችሁ። የትም ክፍት ካልሆነ የሚቀረው አካውንቱን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ያን ጊዜ የመልእክት ታሪኩ ብቻ አይደለም የሚሄደው። የከፈታችሁት ቻናል ካለ ባለቤትነቱም ይሄዳል። ቻናል ላይ ዕቃ የምትሸጡ ሰዎች ይህን ልብ በሉ።

ዋትስአፕ ላይ Settings፣ Account፣ Two-step verification። የሚፈልገው ባለ 6 አሃዝ ፒን ነው። እዚህም ኢሜይል ይጨመራል። ዋትስአፕ በየጊዜው ፒኑን እንድታስገቡ ይጠይቃችኋል፤ ሰው ይሰላቻል፣ ግን እንዳትረሱት ነው። ብትረሱትና ኢሜይል ከሌለ እዚህም 7 ቀን መጠበቅ አለ፤ ንግግራችሁ ግን እንደ ቴሌግራሙ በዚህ ምክንያት አይጠፋም።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ዛሬ የምታበሩ ከሆነ ቴሌግራሙን አስቀድሙ። ቴሌግራም ላይ የገባ ሰው የዓመታት መልእክታችሁን ከሰርቨሩ ላይ በሙሉ ያገኘዋል። ዋትስአፕ ላይ አዲስ ስልክ ይዞ የገባ ሌባ የድሮውን ንግግር ያለ ባክአፑ አያየውም፤ በእናንተ ስም "ትንሽ ብር ቸግሮኝ ነበር" እያለ መጻፍ ግን ይችላል።

አንድ ገደብ ልንገራችሁ። የምታውቁት ሰው "ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ" ብሎ ሊንክ ይልካል። ገጹ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ከዚያ የመጣላችሁን ኮድ፣ ከዚያ የቴሌግራም ፓስወርዳችሁን። ሦስቱንም በገዛ እጃችሁ ካስገባችሁ ሁለተኛው ደረጃ አያድናችሁም። የልጅ ውድድር የቴሌግራም ፓስወርድ የሚፈልግበት ምክንያት የለም።

ስልኩ የተሰረቀ ቀን

ከታክሲው ወርጄ በቀጥታ ጓደኛዬ ቢሮ ሄድኩ። በእሱ ላፕቶፕ ጂሜይሌን ከፈትኩ። ፓስወርዱን አስገባሁ፤ "ስልክህ ላይ ጥያቄ ልከናል" አለኝ። ወደ ሌባው ማለት ነው። Try another way የሚለውን ነካሁና ከዝርዝሩ ባለ 8 አሃዙን የመጠባበቂያ ኮድ መረጥኩ። በጓደኛዬ ስልክ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ የቤት ውሉ ያለበት ፋይል ውስጥ የታጠፈች ወረቀት አለች። የመጀመሪያውን መስመር አንብቢልኝ።"

"ቁጥር ብቻ ነው እኮ የኔ ልጅ። ሎተሪ ነው?"

አነበበችልኝ። አልሠራም። ድገሚልኝ አልኳት። መሃል ላይ ያለውን 7 እንደ 1 ነበር ያነበበችው። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። በሁለተኛው ገባሁ።

ከዚህ በኋላ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ android.com/find ላይ ሄጄ ስልኩን ከርቀት ቆለፍኩ፣ ቀጥሎም ውስጡ ያለው እንዲጠፋ አዘዝኩ። ከዚያ በኋላ ነው Security ውስጥ Your devices ገብቼ ስልኩን ከአካውንቱ ያስወጣሁት። ቅደም ተከተሉን ብገለብጠው ኖሮ ከአካውንቱ የወጣ ስልክ ከርቀት ትእዛዝ አይቀበልም ነበር።

ቴሌግራሜ ቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ ክፍት ነበር። ይህ እድል ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባን ስልክ ወይም ኮምፒውተር የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ሌሎቹን እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም። ለእናንተ ጥበቃ ነው፤ ሌባ ገብቶ ወዲያው እንዳያባርራችሁ። ግን ስልኩ የተሰረቀበት ሰው በአዲስ ስልክ ገብቶ ሌባውን ላስወጣ ቢልም አንድ ቀን ይጠብቃል። እኔ ከድሮው ኮምፒውተር ላይ Settings፣ Devices ገብቼ የተሰረቀውን ስልክ ወዲያው አስወጣሁት። አዲስ ስልክ ስገዛም የመግቢያው ኮድ የመጣልኝ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቀጥሎ ፓስወርዱን አስገባሁ።

ዋትስአፕ ሲሙን ጠበቀ። በማግስቱ መታወቂያ ይዤ ምትክ ሲም አወጣሁ፣ ኮዱ በጽሑፍ መልእክት መጣ፣ ፒኑን አስገባሁ፣ አለቀ። ዋትስአፕ በአንድ ዋና ስልክ ላይ ስለሚሠራ አዲሱ ሲገባ የድሮው በራሱ ይወጣል።

ማታ ቤት ስገባ ወረቀቷን አውጥቼ የተጠቀምኩበትን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዝኩ። የቀሩትን 9ኙን በሌላ ወረቀት በደንብ ገለበጥኳቸው። 7 የሚለው አሃዝ ባለበት ሁሉ መሃሉ ላይ ሰረዝ አደረግሁበት።